ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቃችሁ፦ ንግግርን አስቀድሞ የመለማመድ መመሪያ

ነገ አለቃችሁን ፈቃድ ልትጠይቁ ነው። ዛሬ ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ ንግግሩን ታወጣላችሁ፣ ታወርዳላችሁ። «እንዲህ ስላት እንዲህ ብትለኝስ?» «ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ?» ዓረፍተ ነገሩን ታስተካክላላችሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። እንቅልፍ የለም። ጠዋት ቢሮ ስትደርሱ ያዘጋጃችሁት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ብዙ ጊዜም «ዛሬ ሥራ በዝቶባታል» ብላችሁ ሳትጠይቁ ትመለሳላችሁ።

ይህ ልምምድ ይመስላል፤ ግን ፍርሃቱን ያባብሰዋል። የእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች ዴቪድ ክላርክ እና አድሪያን ዌልስ በ1995 እ.ኤ.አ. ስለ ማኅበራዊ ጭንቀት፣ ማለትም በተለምዶ ሶሻል አንግዛይቲ ስለምንለው ችግር፣ አንድ ማብራሪያ አቅርበው ነበር። በእነሱ አባባል ሰው የሚፈራ ሰው ከንግግሩ በፊት መጥፎ መጥፎውን ያስባል፤ በንግግሩ መሃል ሐሳቡን ሁሉ ወደ ራሱ ያዞራል፤ ከንግግሩ በኋላ ደግሞ ያለፈውን እያገላበጠ ራሱን ይወቅሳል። ዓረፍተ ነገር በቃል መያዝ፣ ከመናገር በፊት እያንዳንዱን ቃል በሐሳብ መመዘን፣ ይህ ሁሉ ከፍርሃቱ ለመሸሸግ ከምንጠቀምባቸው መደበቂያዎች አንዱ ነው። ነገሩ በደህና ሲያልፍ እንኳ «በቃሌ ስለያዝኩት ነው የተረፍኩት» እንላለን። ስለዚህ ፍርሃቱ አይነካም።

ታዲያ መለማመድ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። በትክክል ከተሠራ በጣም ይረዳል። በትክክል ማለት አጭር፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ተወስኖለት፣ ወዲያው በተግባር የሚሞከር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚሄድ ልምምድ ማለት ነው። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንዲት ወጣት እናስብ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ትሠራለች። እህቷ ደሴ ላይ ልታገባ ነው፣ ሰርጉ እሁድ ነው። ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ትፈልጋለች። የክፍል ኃላፊዋ በዕድሜ የሚበልጧት ሴት ናቸው። ልጅቷ እሳቸውን ፊት ለፊት ማናገር ያስፈራታል፤ እስካሁን የሚያስፈልጋትን ሁሉ በባልደረባዋ በኩል ነው የምታስጠይቀው። ሰርጉ የሚውለው ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ስለሆነ ጊዜ አላት።

መጀመሪያ፦ የምትፈሩትን ነገር ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ

«እፈራለሁ» ብቻ ከሆነ የሚፈተን ነገር የለም። ወረቀት አውጡና ምን ይፈጠራል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ጻፉ። ሌላ ሰው በዓይኑ አይቶ «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ሊል የሚችለው ነገር መሆን አለበት። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው «እዋረዳለሁ፣ ያፍሩብኛል» የሚል ነበር እንበል። ይህ አይበቃም። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦ «ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊዬ ያንን አይተው ‹ምን ሆነሻል?› ይሉኛል። መሃል ላይ ቃል ይጠፋኛል። ፈቃዱን ይከለክሉኛል፤ ከዚያ በኋላም ፊት ይነሱኛል።»

አሁን አምስት የተለያዩ ነገሮች አሉን፤ እያንዳንዳቸው ሆኑ አልሆኑ ማየት ይቻላል። ይህን ወረቀት አትጣሉት። ዋናው መሣሪያ እሱ ነው።

ቀጥሎ፦ መሰላሉን ሥሩ

ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የፍርሃት ልክ አውጡ። 0 ምንም የማይሰማችሁ ሁኔታ ነው፤ 100 በሕይወታችሁ የፈራችሁት ትልቁ ፍርሃት። ይህን መለኪያ በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ያስለመደው ጆሴፍ ዎልፒ የተባለ ሐኪም ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ቁጥሩ በትክክል ባይገኝ አትጨነቁ፤ የሚጠቅመው ከየቱ በፊት የቱ እንደሚመጣ ለመደርደር ነው።

የልጅቷ መሰላል እንዲህ ነው፦

- 25፦ ታክሲ ውስጥ ራሷ «ወራጅ አለ» ማለት
- 35፦ ሱቅ ገብቶ የሁለት ዕቃ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት
- 45፦ ለታክሲ ረዳት «መልስ አልሰጠኸኝም» ማለት
- 50፦ ወደማታውቀው ክሊኒክ ደውሎ የሥራ ሰዓት መጠየቅ፣ ያውም ቢሮ ውስጥ ሰው እየሰማ
- 60፦ ቡና ሰዓት ላይ ባልደረቦች ተሰብስበው ሲያወሩ አንድ ጥያቄ ጠይቆ እዚያው መቆየት
- 70፦ ኃላፊዋን አጭር የሥራ ጥያቄ መጠየቅ
- 85፦ ፈቃዱን መጠየቅ

«ወራጅ አለ» የሚለውን እንደ ቀላል ነገር የሚያየው ብዙ ነው። ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀው ግን ያውቀዋል። ሌላ ሰው እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ሰፈሩ አልፎም ቢሆን ከሌላው ጋር ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። ወይም አጠገቡ ያለውን ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ወራጅ በልልኝ» ይላል። ለዚህ ነው መሰላሉ ላይ የገባው። በየቀኑ ይገኛል፣ ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ በሰከንድ ያልቃል።

የእናንተ መሰላል ከዚህ ሊለይ ይችላል። የምትጀምሩበት ደረጃ ግን ከ20 እስከ 40 ባለው መሃል ይሁን። ከዚያ በታች የሆነው ምንም አያስተምራችሁም። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሁለተኛም አትሞክሩትም። በሁለት ደረጃዎች መካከል ትልቅ ክፍተት ካለ ሌላ ደረጃ አስገቡበት። ለምሳሌ ከ50 ወደ 70 መዝለል ከከበደ 60 ላይ የቡናው ሰዓት ይገባል።

እያንዳንዱን ደረጃ አንዴ ሞክሮ ማለፍ አይበቃም። በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ድገሙት፣ ሁኔታውንም ለዋውጡት። ባዶ ሊባል በሚችል ታክሲ፣ ጥቅጥቅ ባለ ታክሲ፣ ከኋላ ወንበር፣ ሙዚቃ ጮክ ብሎ በተከፈተበት። አንድ ቦታ ብቻ የለመደ ድፍረት እዚያው ቦታ ላይ ይቀራል።

የምትናገሩትን አዘጋጁ፣ ግን ሙሉውን አትጻፉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙሉ ገጽ ጽፎ በቃሉ ሊይዝ ይሞክራል። ሌላው ሰው ግን የእሱን ጽሑፍ አላነበበም፤ ባልታሰበ ቦታ ያቋርጣል፣ ያኔ ሁሉም ይፈርሳል። መዘጋጀት ያለባቸው አራት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ መክፈቻው፣ ፍሬ ነገሩ፣ ሁለት ሦስት መታጠፊያዎች፣ እና መውጫው።

የልጅቷ መክፈቻ ይህ ነው፦ «እንደምን አደሩ። ሁለት ደቂቃ ይኖርዎታል?» ይህን በቃል መያዝ ይቻላል። ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ጫፍ የሚደርሰው በሩ ላይና በመጀመሪያዎቹ ቃላት ላይ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ መገኘቷ ጥሩ ነው።

ፍሬ ነገሩ፦ «እህቴ ልታገባ ነው፣ ሰርጉ ደሴ ነው። ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ እንዲሰጡኝ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።» አለቀ። እዚህ ላይ ከሚመጣው ፈተና ተጠንቀቁ፦ «ባላስቸግርዎት፣ ማለቴ፣ ትንሽ ነገር ነበር፣ ይቅርታ፣ ካልተመቸዎት ግን ይቅር…» ይህ ጨዋነት ይመስላል። ግን ጥያቄውን ሰሚው ሳይሰማው ራሳችን እያነሳነው ነው። አንድ ሰላምታ፣ አንድ ማክበሪያ ቃል፣ ከዚያ ጥያቄው። ታላቅን ለማክበር «እርስዎ» ማለቱና ረጋ ያለ ድምፅ ይበቃል።

መታጠፊያዎቹ ኃላፊዋ ሊሏት የሚችሏቸው ነገሮች ናቸው። «አሁን ሥራ በዝቶብኛል» ካሉ፦ «እሺ፣ ስንት ሰዓት ላይ ልመለስ?» «የወር መዝጊያ አይደለም እንዴ?» ካሉ፦ «አዎ፣ ነው። የባንክ ማስታረቂያውን እስከ ረቡዕ እጨርሰዋለሁ።» «አይሆንም» ካሉ፦ «ገባኝ። ዓርብን ብቻስ ቢሆን?» እነዚህን ቃል በቃል አትያዙ። በአጭር በአጭሩ፣ በሁለት በሦስት ቃል ብቻ ጻፏቸው፦ «ሰዓት ጠይቂ»፣ «እስከ ረቡዕ»፣ «ዓርብ ብቻ»። ቀሪውን አፍ ራሱ ይሞላዋል።

መውጫው፦ «እሺ፣ አመሰግናለሁ። ቅጹን ሞልቼ አመጣለሁ።» መውጫ የሌለው ንግግር ቆሞ መቅረትን ያመጣል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በመጨረሻም ለባሰው ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ። ቃል ሲጠፋችሁ፦ «ይቅርታ፣ ሐሳቤ ጠፋኝ፤ አንዴ።» ከዚያ ትንፋሽ ወስዶ ፍሬ ነገሩን እንደገና ማለት ነው። ይህን የሚሉ ሰዎችን በየቀኑ እንሰማለን፣ አንዳቸውንም አንታዘባቸውም።

ልምምዱ፦ ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ በሩብ ሰዓት

አልጋ ላይ አይሠራም፣ ማታ ከመኝታ በፊትም አይሠራም። ቀን ላይ 15 ደቂቃ መድቡ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ። ሲጮህ አቁሙ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ተመልሶ ሲመጣ «ነገ በሰዓቱ» በሉና ወደያዛችሁት ሥራ ተመለሱ።

መጀመሪያ ብቻችሁን ሁኑ። በሩን አንኳኩታችሁ እንደምትገቡ ቁሙ፣ መክፈቻውንና ፍሬ ነገሩን ጮክ ብላችሁ በሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ በየጊዜው ቃላቱን ትንሽ ለውጡ። ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነ በቃል እየያዛችሁት ነው ማለት ነው።

ከዚያ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ከማየታችሁ በፊት ግን ምን እንደምታዩ ጻፉ፦ «እጄ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፣ ፊቴ ቲማቲም መስሏል፣ ድምፄ አይሰማም።» አሁን ቪዲዮውን የማታውቁትን ሰው እንደምታዩ ሆናችሁ ተመልከቱ። ከውስጥ የሚሰማን መንቀጥቀጥ ከውጭ ከሚታየው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ይህን በቃል ብቻ ሲነግሩን አናምንም፤ በዓይናችን ስናየው ግን የተለየ ነው። ድምፃችሁ በእርግጥ ዝቅ ያለ ሆኖ ካገኛችሁትም ጥሩ፤ ምን እንደሚስተካከል አወቃችሁ።

ሦስተኛው ከሰው ጋር ነው። የምታምኑትን እህት፣ ጓደኛ ወይም የአክስት ልጅ ኃላፊዋን ሆኖ እንዲጫወት ጠይቁ። መጀመሪያ በቀና ይመልስ። ሁለተኛ ጊዜ ስልኩን እያየ ይመልስ። ሦስተኛ ጊዜ «አይሆንም» ይበል። ኃላፊዋ ቀና ብለው ሳያዩ «እህ?» ቢሉ ምን እንደሚሰማችሁ ቤት ውስጥ መቅመሱ ይጠቅማል። ጓደኛችሁ «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነው» እያለ እንዲያጽናናችሁ ሳይሆን እንዲመልስላችሁ ነው የምትፈልጉት። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

በዕለቱ፦ ከመደበቂያው ውጡ

ሁላችንም የየራሳችን መደበቂያ አለን። ስልክ መነካካት፣ እጅን ኪስ መክተት፣ ቶሎ ቶሎ መናገር፣ ጓደኛ ይዞ መግባት፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ። አንዳንዱ ደግሞ ደፈር ለማለት ይጠጣል ወይም ይቅማል። እነዚህ ለጊዜው ያቀልላሉ፤ ትምህርቱን ግን ይሰርቃሉ። ለአንድ ደረጃ አንድ መደበቂያ መርጣችሁ ተዉ። ታክሲ ውስጥ ከሆነ ድምፅ ማሳነሱን፣ ስልክ ላይ ከሆነ ከክፍሉ መውጣቱን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ታላቅ ፊት ዓይንን ትንሽ ሰበር ማድረግ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው እንጂ መደበቂያ አይደለም። «ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ተናገሩ» የሚለውን ምክር እንዳለ አትውሰዱት። ለመለየት ይህን ጠይቁ፦ እኩያዬን ሳናግርስ እንዲሁ አቀረቅራለሁ? አዎ ከሆነ ፍርሃት ነው።

በንግግሩ ጊዜ ሐሳባችሁን ወደ ውጭ አውጡ። ልባችሁ እንዴት እንደሚመታ መከታተሉን ትታችሁ ሰውየው ምን እያለ እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ፣ ድምፁ ድካም እንዳለበት አስተውሉ። ሐሳቡ ተመልሶ ወደ ራሳችሁ ይመጣል፤ መልሳችሁ አውጡት። ፍርሃቱ እስኪጠፋ አትጠብቁ። ድሮ ፍርሃቱ እስኪወርድ እዚያው መቆየት ያስፈልጋል ይባል ነበር። እንደ ሚሼል ክራስክ ያሉ ተመራማሪዎች በኋላ ያጎሉት ግን ሌላ ነገር ነው፦ የጠበቃችሁት ክፉ ነገር ሳይሆን ሲቀር ማየት። ልብ እየደለቀ ጨርሳችሁ ብትወጡም ተቆጥሮላችኋል።

ልጅቷ ገባች እንበል። ኃላፊዋ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። መክፈቻዋን አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ቀና ሳይሉ «ምን ነበር?» አሉ። ፍሬ ነገሩን ተናገረች። «ሐሙስ አይሆንም፣ ኦዲተሮች ይመጣሉ» አሉ። ለኦዲተሮች የተዘጋጀ መታጠፊያ አልነበራትም፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም አለች። ከዚያ «ዓርብን ብቻስ ቢሆን?» አለች። «ዓርብ ይቻላል።» አመሰገነች፣ ወጣች።

ያንኑ ቀን፦ አምስት መስመር ጻፉ፣ ከዚያ ዝጉት

የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡና ከሆነው ጋር አስተያዩት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል? ሆኗል። «ምን ሆነሻል» ይሉኛል? አላሉም። ቃል ይጠፋኛል? ለአፍታ ጠፍቶ ነበር፣ ተመለሰ። ይከለክሉኛል? ግማሹን ከልክለዋል፣ ምክንያቱ ግን ኦዲት ነው። ፊት ይነሱኛል? ይህ መስመር በማግስቱ ተሞላ፦ እንደ ወትሮው ሰላም ብለዋታል። ከዚህ የምትማረው ነገር አለ፦ ድምፅ መንቀጥቀጡ ሌላውን አላመጣም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ነገሩ ተዘግቷል። ማታ «እንዲያ ባልል ኖሮ» የሚለው ሲጀምር የወረቀቱን የመጨረሻ መስመር አንብቡና ተነሱ፣ ሌላ ነገር ሥሩ። ጓደኛን ደጋግሞ «ያሙኝ ይሆን እንዴ?» ብሎ መጠየቅም ያው ማገላበጡ ነው።

ሳይሠራ ሲቀር

ብዙ ሙከራ አድርጋችሁ ፍርሃቱ በዚያው ልክ ከቀጠለ ሦስት ቦታ ፈትሹ። አንደኛ፣ ያልተዋችሁት መደበቂያ ይኖራል። ሁለተኛ፣ በሙከራዎቹ መሃል ያለው ቀን ተራርቋል፤ በወር አንዴ የሚሞከር ነገር ሁሌ አዲስ ነው። ሦስተኛ፣ ስህተት እንዳይፈጠር እየተጠነቀቃችሁ ስለሆነ ስህተት ቢፈጠር ምን እንደሚሆን አታውቁም። መድኃኒቱ ሆን ብሎ መሳሳት ነው። ሱቅ ውስጥ መሃል ላይ ቆም በሉና ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። የተነገራችሁን ዋጋ ሆን ብላችሁ ሁለተኛ ጠይቁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብላችሁ «ይቅርታ፣ ቀጣዩ ጋ ነው» በሉ። ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ወደራሱ ጉዳይ ይመለሳል። ይህን ማየት ከብዙ ፍጹም ሙከራዎች የበለጠ ያስተምራል።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ኃላፊው በእርግጥ የሚሳደብ፣ የሚያዋርድ ወይም የሚተናኮል ሰው ከሆነ ፍርሃታችሁ ትክክለኛ ነው፤ ያ የመሰላል ጉዳይ ሳይሆን የአቤቱታ ጉዳይ ነው። ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ከትምህርት ወይም ከሥራ ካስቀራችሁ፣ ያለ መጠጥ ወይም ያለ ጫት ሰው መሃል መግባት ካቃታችሁ፣ ወይም ከሐዘንና ከተስፋ መቁረጥ ጋር ከመጣ ብቻችሁን አትታገሉት። እንደ አማኑኤል ባሉ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ወይም ሳይኮሎጂስት ዘንድ ይታያል፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ነግራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ልምምዱን መቀነስ

መሰላሉን እየወጣችሁ ስትሄዱ ዝግጅቱ ማነስ አለበት። አንድን ደረጃ መጀመሪያ ስትሞክሩት አራቱንም ነገር አዘጋጁ። ሁለተኛ ሦስተኛ ጊዜ መክፈቻውንና መውጫውን ብቻ። ከዚያ በኋላ መክፈቻውን ብቻ፣ በመጨረሻ ምንም ሳታዘጋጁ ግቡ። ልጅቷ «ወራጅ አለ» ለማለት በሁለተኛው ሳምንት ምንም ልምምድ አያስፈልጋትም። ለክሊኒኩ ስትደውል ሦስተኛውን ጥሪ ያለ ወረቀት ታደርገዋለች። ለማቅለል ያህል ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት፤ በሚቀጥለው ቀን ቤት ተዉት።

ሁሉንም ግን ባዶ እጅ መግባት አያስፈልግም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ፣ ለቤት ኪራይ ድርድር ማንኛውም ሰው ይዘጋጃል። ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ ትለዩታላችሁ፦ የማይፈራ ሰው ለዚህ ንግግር ይዘጋጅ ነበር? የሚዘጋጅ ከሆነ የእናንተም 15 ደቂቃ ተገቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ለመጠየቅ፣ ባልደረባን ሰላም ለማለት፣ ለእናት ስልክ ለመደወል ከሆነ ግን ሳትለማመዱ ሂዱ።